አንድ ደረት፣ ሁለት ራጅ፦ ነቀርሳና የሳንባ ምች በድሬዳዋ

ጎህ ሳይቀድ ቀፊራ ገበያ ደርሶ ከመኪና ላይ ጆንያ የሚያወርድ አንድ የአርባ ዓመት ሰው እናስብ። ሳል ከጀመረው ሁለት ወር አልፎታል። መጀመሪያ ብርድ ነው ብሎ ዝንጅብል በማር ጠጣ። በሦስተኛው ሳምንት ማምሻውን ትኩሳት ሲሰማው ሰፈሩ ካለ ክሊኒክ ሄደ፤ የሳንባ ምች ነው ተባለና ለሰባት ቀን አሞክሳሲሊን ወሰደ። ትንሽ ቀለል ያለው መሰለው፤ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ቀጥሎ መድኃኒት ቤት ገብቶ በራሱ ፈቃድ ሌላ ክኒን ገዛ። ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፤ ግን በግንቦት ወር ድሬዳዋ ውስጥ ሌሊት የማያልበው ማን አለ? ሰውነቱም ቀንሷል፤ ሚስቱ ጥፋቱን በጫቱ ላይ ጣለች። «አቦ፣ እህል ሳትቀምስ እየቃምክ እንዴት አትከሳ!» ትለዋለች። አንድ ቀን ጠዋት አክታው ውስጥ ቀጭን የደም ክር አየ። ሆስፒታል የሄደው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ባለታሪክ ነገሩን ለማስረዳት የተቀናበረ ነው፤ ከማንም ሕመምተኛ መዝገብ አልተወሰደም። በደረቱ ውስጥ የሚሆነው ግን በድል ጮራም ሆነ በሌላ የአገራችን ሆስፒታል ሐኪሞች ራጅ ላይ የሚያነቡት እውነት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከለያቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ በመሆኗ ሁለቱን የታወቁ የነቀርሳ ምልክቶች በቀላሉ ታስረሳለች። የሌሊቱን ላብ ሙቀቱ ይሸፍነዋል። የክብደቱን መቀነስ ደግሞ ጫት ይሸፍነዋል፤ ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃልና። ስለዚህ ሰው ወደ ራጅ ክፍል ሲደርስ በሽታው ብዙ መንገድ ተጉዞ ሊሆን ይችላል።

ፊልሙ ከመነሳቱ በፊት

«ወንድሜ፣ ሸሚዝህን አውልቅ። አንገትህ ላይ ያለውንም ክር አውጣው። አሁን ደረትህን ሰሌዳው ላይ አስጠጋ፣ ትከሻህን ወደ ፊት አምጣ። ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ፣ እንዳትለቅ።»

ይህ የራጅ ባለሙያው ትእዛዝ ለደንቡ ያህል የሚነገር አይደለም። ነቀርሳ የሚወደው ቦታ የሳንባው ጫፍ ነው፤ ጫፉ ደግሞ በማጅራት አጥንትና በመጀመሪያዋ የጎን አጥንት ጥላ ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ሕመምተኛው ዘመም ብሎ ከቆመ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይታያል። ትንፋሹን በደንብ ካልሳበ የሳንባው ታችኛው ክፍል ይታጨቅና ጤነኛው ሰው ምች ያለበት ይመስላል። ጥሩ ትንፋሽ በተሳበበት ፊልም ላይ ከድያፍራሙ በላይ ከኋላ በኩል ዘጠኝ ወይም አሥር የጎን አጥንቶች ይቆጠራሉ።

ሴት ከሆነች ሌላም ጥንቃቄ አለ። ትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባ በራጅ ላይ ልክ በሳንባው ጫፍ ላይ የወደቀ ነጣ ያለ ጥላ ይሠራል፤ ይህም ነቀርሳ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ሹሩባው ወደ ላይ ይሰበሰባል። ያልተሰበሰበ እንደሆነ ግን መለያ አለው፦ ጥላው ከሳንባው ጠርዝ አልፎ ወደ አንገትና ወደ ትከሻ ይዘልቃል። የሳንባ በሽታ ጥላ ግን ከሳንባው ጠርዝ አያልፍም።

የላይኛው ክፍል ለምን?

የባለታሪካችን ፊልም መብራቱ ላይ ተሰቅሏል። አንባቢው ልብ እንዲል፣ በፊልሙ ላይ የሕመምተኛው ቀኝ ጎን በተመልካቹ ግራ በኩል ነው። አየር ጥቁር፣ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር መያዝ የነበረበት ቦታ በፈሳሽ ወይም በመግል ሲሞላ ደግሞ ይነጣል። በእኛ ሰው ፊልም ላይ ከቀኝ ማጅራት አጥንት ሥር ወጥነት የሌለው፣ ቦታ ቦታ የነጣ ጥላ አለ። በጥላው መካከል ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ጥቁር ነገር ይታያል፤ ዙሪያው ወፍራምና ሸካራ ነጭ ግድግዳ ነው። በግራው ሳንባ መካከል ደግሞ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ተበትነዋል።

የነቀርሳ ባክቴሪያ ኦክስጅን የሚሻ ፍጥረት ነው። ሰው ቆሞ ሲውል ደም በስበት ኃይል ወደ ሳንባው ታችኛው ክፍል ያደላል። ላይኛው ክፍል ከሚደርሰው አየር አንጻር የሚያገኘው ደም ጥቂት ስለሆነ ኦክስጅኑ ተነጥቆ አያልቅም። ከቲሹ ውስጥ ጀርም ጠርጎ የሚያወጣው የሊምፍ ፍሰትም በዚያ ደካማ ነው። ከዓመታት በፊት በትንፋሽ ገብቶ አንቀላፍቶ የቆየ ባክቴሪያ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የሚነቃው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፦ በላይኛው ክፍል ጫፍና ጀርባ፣ አንዳንዴም በታችኛው ክፍል አናት ላይ።

ሌላው ቁልፍ ፍጥነት ነው። ለተለመደው የሳንባ ምች ዋነኛ መንስኤ የሆነው ኒሞኮከስ በተመቸው ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የነቀርሳው ባክቴሪያ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። በሁለቱ በሽታዎች መካከል በራጅ ላይ የምናየው ልዩነት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንዱ ሳንባውን በቀናት ውስጥ ይሞላል። ሌላው ከሰውነት ጋር ለሳምንታትና ለወራት ሲታገል ይበላል፣ ይቦረቡራል፣ ይጠግጋል፣ ጠባሳ ይተዋል። በነቀርሳ ፊልም ላይ አሮጌና አዲስ ጉዳት ጎን ለጎን የሚገኙት ለዚህ ነው።

ዋሻው እንዴት ይቆፈራል?

ያ ክብ ጥቁር ነገር ሐኪሞች ካቪቲ የሚሉት፣ በሳንባ ውስጥ የተቆፈረ ዋሻ ነው። ቆፋሪው ባክቴሪያው ብቻ እንዳይመስለን፤ የሰውነት መከላከያም አብሮ ይቆፍራል። የመከላከያ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ከብበው ሲዋጉ መካከሉ ይሞትና አይብ የመሰለ ነገር ይሆናል። ምስጥ የገባበት ወጋግራ ላዩ ሳይነካ ውስጡ እንደሚያልቅ፣ ያ ቦታም ከውስጥ ይበላል። ኋላ የሞተው ቲሹ ይሟሟል፤ የሚበላው ጉዳት ከአየር ቧንቧ ጋር ሲገናኝ የሟሟው ነገር በሳል ተጠርጎ ይወጣና በቦታው አየር ይገባል። አየር ስለገባበት ነው በፊልሙ ላይ የሚጠቁረው።

አየር ከገባ ደግሞ ባክቴሪያው የናፈቀውን ኦክስጅን አገኘ ማለት ነው። በአንድ ዋሻ ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ በሩም ወደ አየር ቧንቧ ክፍት ነው። ዋሻ ያለበት ሰው ሲያስል ቤተሰቡን፣ ባጃጅ ውስጥ አብሮት የተቀመጠውን፣ በር ዘግቶ በርጫ ላይ አብሮት የዋለውን ለበሽታው ያጋልጣል። በግራ ሳንባው የታዩት ነጠብጣቦችም ከዋሻው የፈሰሰው ነገር በአየር ቧንቧ ተሻግሮ የዘራቸው አዳዲስ ጉዳቶች ናቸው።

ዋሻ ሁሉ ግን ነቀርሳ አይደለም። የሳንባ እባጭም ዋሻ ይሠራል፤ ነገር ግን በእባጩ ውስጥ መግል ስለሚጠራቀም በፊልሙ ላይ ከላይ ጥቁር አየር፣ ከታች ነጭ ፈሳሽ፣ በመካከላቸው ቀጥ ያለ አግድም መስመር ይታያል፤ አክታውም ይሸታል። በነቀርሳ ዋሻ ውስጥ ይህ መስመር ብዙ ጊዜ የለም፤ ይዘቱ በሳል እየተጠረገ ይወጣልና። አንዳንድ የሳንባ ካንሰርም መካከሉ ሞቶ ይቦረቦራል።

የሳንባ ምች ቢሆንስ ኖሮ?

ያው ሰው የያዘው የተለመደ የሳንባ ምች ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ገና ሲጀመር የተለየ ነበር። ማክሰኞ ሥራ ላይ ውሎ ረቡዕ ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ትኩሳቱ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ወጥቶ፣ ትንፋሽ ሲስብ ጎኑን እየወጋው ይመጣ ነበር። የሚቆጠረው በቀናት እንጂ በወራት አይደለም።

ፊልሙም ሌላ ነበር። ሳንባ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ ምች ብዙ ጊዜ አንዱን ክፍል ይይዝና በውስጡ ያሉትን የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላል። ስለዚህ ነጩ ጥላ ወጥና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የክፍሉ ድንበር ላይ ሲደርስም ቀጥ ብሎ ይቆማል። በነጩ ውስጥ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ እነዚህ ዙሪያቸው ሲሞላ እነሱ አየር እንደያዙ የቀሩ የአየር ቧንቧዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳንባው መጠን አይቀንስም። ምች ይሞላል እንጂ አይጨብጥም። መድኃኒቱ ሲሠራ ፈሳሹ ተመጥጦ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል።

ነቀርሳ ግን ይጨብጣል። ቁስሉ ሲጠግግ የሚሠራው ጠባሳ እየተኮማተረ ዙሪያውን ወደ ራሱ ይስባል። ይህን ፊልሙ ላይ ለማየት የሚጠቅም አንድ መለኪያ አለ። የደም ሥሮችና የአየር ቧንቧዎች ወደ ሳንባው የሚገቡበት በር በሁለቱም ወገን ይታያል፤ በጤነኛ ሰው የግራው በር ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል። የቀኙ በር ከግራው ጋር ከተስተካከለ ወይም ከበለጠው፣ የቀኝ ሳንባ አናት ተኮማትሮ ወደ ላይ እየጎተተው ሊሆን ይችላል። የመተንፈሻ ቱቦውም ወደ ጠባሳው ወገን ይታጠፋል። በባለታሪካችን ፊልም ላይ የቀኙ በር ከፍ ብሏል። የዚህ ሰው በሽታ የጀመረው ትናንት አይደለም፤ ፊልሙ ሕመምተኛው ራሱ ከሚናገረው በላይ የቆየ ነገር ይናገራል።

ራጁ የሚሳሳትበት

ዋሻ የሚቆፈረው በሰውነት መከላከያ ውጊያ ነው ብለናል። እንግዲህ መከላከያው የደከመ ሰው ዋሻ ላይኖረው ይችላል። ኤች አይ ቪ ኖሮበት መከላከያው ክፉኛ በወረደ ሰው ላይ ነቀርሳ በታችኛው ክፍል እንደ ምች ሆኖ፣ ወይም በደረት መካከል ያሉ እጢዎችን አሳብጦ፣ ወይም በሁለቱም ሳንባ ላይ የተነሰነሰ ጤፍ የሚያህል ነጠብጣብ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፊልሙ ጭርሱን ንጹህ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎችም ነቀርሳ ወደ ታችኛው ክፍል መውረዱ የታወቀ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ ዋናው ምልክት የእጢ ማበጥ እንጂ ዋሻ አይደለም። በአንጻሩ ምችም አንዳንዴ ላይኛውን ክፍል ይይዛል።

ስለዚህ ራጅ ጠርጥሮ ይለያል እንጂ አይፈርድም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የቲቢ ስርጭት ጥናት ነው። ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች ስለ ሳል ተጠየቁ፣ የደረት ራጅም ተነሱ። በሁለቱ ወንፊቶች ተጠርጥረው አክታ እንዲሰጡ የተደረጉት 6 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ነቀርሳ በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው ግን 110 ሰዎች ናቸው። ራጅ ባይኖር ሳል የለኝም ያለው ሕመምተኛ ያመልጥ ነበር። የአክታ ምርመራ ባይኖር ደግሞ ብዙ ሰው ያለ በሽታው መድኃኒት ይጀምር ነበር።

ፍርዱ ያለው አክታው ላይ ነው። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ያስፈልጋል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የባክቴሪያውን ዘረመል ስለሚፈልግ ከዚያ እጅግ ባነሰ ቁጥር ያገኘዋል፤ ውጤቱም መሣሪያው ውስጥ ከገባ በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ዋናው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ይሠራ እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ሕመምተኛው ግን ምራቅ ሳይሆን አክታ መስጠት አለበት፦ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ከደረቱ ሥር አስሎ፣ ሜዳ ላይ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ሆኖ።

የባለታሪካችን አክታ ነቀርሳ ተገኘበት፤ ሪፋምፒሲንም ይሠራለታል። የኤች አይ ቪ ምርመራ ተደረገለት፤ ነጻ ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል፦ ለሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ ለአራት ወር ሁለት ዓይነት። ሚስቱና ልጆቹም ተጠርተው ተመረመሩ። ከክሊኒክ የተሰጠው አሞክሳሲሊን ነቀርሳን አይነካም። ከመድኃኒት ቤት በራሱ የገዛው ግን እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ካለው ወገን ከነበረ አደጋው ይብሳል፤ እነዚህ ነቀርሳን ለጥቂት ጊዜ ያደክሙትና ሰውየው የዳነ ይመስላል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ ባክቴሪያውም ከመድኃኒቱ ጋር ሊላመድ ይችላል።

ሁለተኛው ራጅ

ስድስቱ ወር አለቀ፤ አክታው ንጹህ ሆነ፤ ሰውየው ወደ ቀፊራ ተመለሰ። በመጨረሻ የተነሳው ፊልም ላይ ዋሻው ተዘግቷል፤ በቦታው ግን ወደ ላይ የተሰበሰቡ ነጭ ክሮችና አንዲት የደነደነች ነጥብ ቀርተዋል። ይህ ጠባሳ ዕድሜ ልክ አይጠፋም። ጠባሳ ደግሞ አይተላለፍም፣ መድኃኒትም አይፈልግም።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሰው በሦስት ቀን ትኩሳት፣ በብርድ መንቀጥቀጥና በቀኝ ጎኑ ውጋት መጣ እንበል። አዲሱ ፊልም ሁለት ነገር ያሳያል፦ ከላይ ያ ጠባሳ፣ ከታች በቀኝ በኩል ወጥ የሆነ፣ ድንበሩ የለየ ነጭ ጥላ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። የድሮውን ፊልም ያላየ ሰው ዓይኑ ላይኛው ክፍል ላይ ያርፍና «ነቀርሳው ተመልሷል» ሊል ይችላል። ጂን ኤክስፐርትም ቢሆን በዚህ ሰው ላይ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያው የሞተውን ባክቴሪያ ዘረመል ከሕያው ስለማይለይ ታክሞ በዳነ ሰው አክታ ውስጥ ቅሪቱን አግኝቶ አለ ሊል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሕያው ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳየው በላቦራቶሪ ማብቀል ነው፤ እሱ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

ሚስቱ ግን የድሮውን ፊልም ከሳጥን አውጥታ ይዛ መጥታለች። ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀላቸው። ላይ ያሉት ክሮች ከአራት ዓመት በፊት እንደነበሩት ናቸው፤ አልሰፉም፣ አዲስ ዋሻ የለም፣ በሌላው ሳንባ ላይ አዲስ ነጠብጣብ አልተዘራም። አዲሱ የታችኛው ጥላ ብቻ ነው። አክታው ለጥንቃቄ ተላከ፤ ሕክምናው ግን የምች ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ በዚህ ጊዜ ፊልሙ ገና ነጭ መሆኑ አያስደነግጥም፤ ጥላው ከሕመሙ በኋላ ሳምንታት ይቆያል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በተነሳው ራጅ የታችኛው ክፍል ጠርቷል፤ ላይኛው ጠባሳ እንዳለ ነው። ምች ጠፋ፤ ነቀርሳ የተወው ምልክት ቀረ።

ጥላው በስድስት ሳምንት ውስጥ ባይጠራ ኖሮስ? ያኔ ምች ነው የተባለው እንደገና መመርመር ነበረበት፤ ነቀርሳም ካንሰርም በዚህ መንገድ ይደረስባቸዋል።

እንግዲህ ድሬዳዋም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ አንባቢዎች ሦስት ነገር ያዙ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ላቡን በሙቀቱ፣ መክሳቱን በጫቱ ሳታሳብቡ ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታ ስጡ። ለምች የተሰጠ መድኃኒት ካላሻላችሁ ሁለተኛውን ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ አትግዙ። ነቀርሳ ታክማችሁ የዳናችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ራጃችሁንና ንባቡን እንደ ቤት ካርታ አስቀምጡ፤ በታመማችሁ ቁጥርም ይዛችሁት ሂዱ።